ለመደበቂያ የሚከፈል ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጊዮም ካባናክና ባልደረቦቹ በምርምር ጽሑፎች ውስጥ እንግዳ ሐረጎችን ለቀሙ። «የጡት ካንሰር» መባል የነበረበት «የደረት አደጋ» ሆኖ ተጽፏል። ተጠርጣሪው ከሌላ ሰው የተቀዳን ጽሑፍ ለመደበቅ ቃላትን በተመሳሳያቸው የሚተካ ሶፍትዌር ነበር።

ዛሬ «ሂዩማናይዘር» እየተባሉ ለተማሪ የሚሸጡት አገልግሎቶች ረቀቅ ቢሉም የዚያው ዘር ናቸው። መመርመሪያው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመት ይለካል፤ እነሱ ያንን ለማናጋት ቃላቱን ይቀያይራሉ። በዚህ መሃል ትክክለኛው የሙያ ቃል ይጠፋል፣ የተጠቀሰው ምንጭ ያላለውን ይላል። ተርኒቲን የተባለው ኩባንያም በ2025 በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የተቀየረ ጽሑፍን የሚለይ አሠራር ጨምሯል።

መምህሩ ግን ማሽን ላያስፈልገው ይችላል። የሰነዱን የለውጥ ታሪክ ሲከፍት ሙሉው ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ተለጥፎ ያገኘዋል፤ ተማሪውን ጠርቶ «ይህን ሐሳብ አስረዳኝ» ይለዋል። በከለከለ ኮርስ ውስጥ «ሕጉን አላወቅሁም» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ለመደበቂያ የተከፈለበት ደረሰኝ ግን ሆን ብሎ ማታለልን ይመሰክራል።

እርግጥ መመርመሪያዎቹም ይሳሳታሉ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች የጻፏቸው ድርሰቶች በብዛት የማሽን ተብለው እንደሚፈረጁ አሳይተዋል። በእንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪም ስጋቱ ይገባዋል። ይሁንና በራሱ እጅ የጻፈውን ፈርቶ ለሂዩማናይዘር የሰጠ ተማሪ ንጹሕ ሥራውን የተከለከለ ያደርገዋል። የሚያዋጣው ረቂቆቹንና ማስታወሻዎቹን እስከ ውጤቱ ድረስ አለመሰረዝ ነው።