በአንደኛውና በሁለተኛው ፈረስ መካከል

ፈረስ የሚያውቅ ሰው ዳማውን ከጉራቹ፣ ጉራቹን ከአምባላዩ በሩቁ ይለያል። ሆኖም የዓለም ፈረሶች ሁሉ አንድ መልክ አላቸው የሚል የሒሳብ ማስረጃ አለ። ሐንጋሪ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ስሕተት መልመጃ አድርጎ አቅርቦታል፤ የእሱ ምሳሌ ግን የልጃገረዶች የዓይን ቀለም ነበር።

ማስረጃው ኢንዳክሽን በሚባለው ዘዴ ይሄዳል። በዚህ ዘዴ ሁለት ነገር ማሳየት ይበቃል፦ ነገሩ ለ1 እውነት መሆኑን፣ ከዚያም ለአንድ ቁጥር እውነት ከሆነ ለሚቀጥለውም እውነት መሆኑን። የመጀመሪያው ቀላል ነው። አንድ ፈረስ ብቻውን ከቆመ፣ በቦታው ያለው መልክ አንድ ነው።

ሁለተኛውን በ5 ፈረሶች እንየው። ማንኛቸውም 4 ፈረሶች አንድ መልክ አላቸው እንበል። አምስቱን አሰልፈን የመጨረሻውን ወደ ጎን እናወጣለን፤ የቀሩት 4 አንድ መልክ አላቸው። እሱን መልሰን የመጀመሪያውን እናወጣለን፤ አሁንም የቀሩት 4 አንድ መልክ አላቸው። መካከል ያሉት 3 ፈረሶች ሁለቱም ጊዜ ከሰልፉ አልወጡም። የመጀመሪያው እነሱን ይመስላል፣ የመጨረሻውም እነሱን ይመስላል፤ ስለዚህ አምስቱም አንድ ናቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ማንኛቸውም 4 ፈረሶች አንድ መልክ አላቸው መባሉ ራሱ ሐሰት ነው» ብሎ ይነሣል። ስሕተቱ ግን እዚያ አይደለም። «እንዲህ ቢሆን» ብሎ መነሣት የዘዴው ደንብ ነው፤ የሚጠየቀው ከዚያ ወደሚቀጥለው ቁጥር በትክክል መሻገር መቻሉ ብቻ ነው። ከ4 ወደ 5 ያደረግነው ሽግግር ደግሞ እንከን የለውም።

አሁን ያንኑ በ2 ፈረሶች፣ በአንድ ዳማና በአንድ ጉራች እንሞክረው። ጉራቹን ስናወጣ ዳማው ብቻውን ይቀራል፤ መልኩ አንድ ነው። ጉራቹን መልሰን ዳማውን ስናወጣ ጉራቹ ብቻውን ይቀራል፤ የእሱም መልክ አንድ ነው። መካከል ላይ ግን ማንም የለም። ዳማውን ከጉራቹ ጋር የሚያስተሳስር ምስክር ፈረስ ጠፋ። ማስረጃው «መካከል ያሉት» ሲል ቢያንስ አንድ ፈረስ እዚያ እንዳለ ሳይናገር ቆጥሮ ነበር፤ ያ ደግሞ እውነት የሚሆነው ከ3 ፈረሶች ጀምሮ ነው።

የዚህ ዓይነት ስሕተት በፊደል በተጻፈ ማስረጃ ውስጥ በቀላሉ ይሰወራል። «ን» ፈረሶች ሲባል አንባቢው በዓይነ ሕሊናው ረጅም ሰልፍ ያያል እንጂ ሁለት ብቻ አያይም። ስለዚህ ፊደሉን ትቶ ከታች መጀመር ነው፦ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3፣ በየደረጃው ማን ወጥቶ ማን እንደቀረ እየቆጠሩ።

ከ2 ወደ 3 ያለው ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለውም ሁሉ ይሠራል። አንድ ሰው ማንኛቸውም ሁለት ፈረሶች አንድ መልክ እንዳላቸው ቢያሳይ ኖሮ የዓለም ፈረሶች ሁሉ በእርግጥ አንድ መልክ በኖራቸው ነበር። የተሰበረው ከ1 ወደ 2 የሚያሻግረው ብቻ ነው።