የሥራ ሰዓት ሲቀየር ለሠራተኛው ምክንያቱ ምን ያህል ይነገረው?

«ለመላው ሠራተኞች። ጉዳዩ፡- የሥራ ሰዓት ለውጥን ስለማሳወቅ። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የመግቢያ ሰዓት ጠዋት 1፡30 መሆኑን አውቃችሁ ተግባራዊ እንድታደርጉ በጥብቅ እናሳስባለን።»

በተቀጣሪነት የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሳያይ አይቀርም። አንብቦ ሲጨርስ የመግቢያ ሰዓቱን ያውቃል። ደመወዙ ይነካ አይነካ፣ ለውጡ ለዘለቄታው ይሁን ለጊዜው፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚደረግለት ግን አያውቅም። ወረቀቱ ያልነገረውን ከሻይ ክበብ ይሰማል፤ እዚያ የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ብዙም አይወራበትም። ሥራ አስኪያጁ ግልጽ ልሁን ብሎ ሦስት ገጽ ይጽፋል። የገበያውን ሁኔታ፣ የውጭ ምንዛሪውን፣ የተፎካካሪዎቹን ጥንካሬ፣ የድርጅቱን የአምስት ዓመት ዕቅድ ይደረድርና አዲሱን ሰዓት ሦስተኛው ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል። አንባቢው ሰዓቱን እስኪያገኝ ድረስ የመባረር ደብዳቤ የሚያነብ ይመስለዋል። ምክንያቶቹ ሲበዙም ለእያንዳንዳቸው መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ አንዱን ደካማ ምክንያት ያፈረሰ ሠራተኛ ውሳኔውን በሙሉ ያፈረሰ ያህል ይሰማዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ምክንያት ይነገር አይነገር ሳይሆን የትኛውና ምን ያህሉ ይነገር የሚለው ነው። ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። 140 ሠራተኞች ያሉት አንድ የካርቶን ፋብሪካ እናስብ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ2፡00 እስከ 11፡00 ይሠራል፤ መሐል ላይ የአንድ ሰዓት ምሳ አለ። ቅዳሜ ከ2፡00 እስከ 7፡00 ይሠራል። በሳምንት 45 ሰዓት መሆኑ ነው። አሁን የቅዳሜውን አምስት ሰዓት በአምስቱ ቀናት ላይ አከፋፍሎ ከ1፡30 እስከ 11፡30 ሊሠራና ቅዳሜን ሊዘጋ አስቧል። ድምሩ ያው 45 ሰዓት ነው።

እንዲህ ያሰበው ቦይለሩ እስኪሞቅና ማሽኖቹ እስኪነሱ ጠዋት 50 ደቂቃ፣ ማታ ሙጫውን አጥቦ ለመዝጋት 40 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ነው። ይህ 90 ደቂቃ ስምንት ሰዓት በሚሠራበት ቀንም ሆነ አምስት ሰዓት በሚሠራበት ቅዳሜ እኩል ይባክናል። ቅዳሜ ካርቶን የሚመረትበት ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስድስቱን ቀን ስንደምር በሳምንት 36 ሰዓት ምርት ይገኛል፤ በአዲሱ አሠራር ደግሞ 37 ሰዓት ተኩል። ማንም ተጨማሪ ደቂቃ ሳይሠራ አንድ ሰዓት ተኩል ተገኘ ማለት ነው፤ የቅዳሜው የቦይለር ነዳጅና የሦስት ሰርቪስ መኪና ኪራይም ይቀራል።

ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት የሚያልቅ አንድ ሥራ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ግን የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈልን አዋጁ ይፈቅዳል፤ በዚህ ጊዜም የቀኑ ሥራ ከስምንቱ ሰዓት በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊጨምር አይችልም። ፋብሪካችን በቀን 9 ሰዓት ስለሚሠራ ከጣሪያው በታች ነው። በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የሥራ ሰዓት ተጽፎ ከሆነ ግን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሳይነጋገሩ ማስታወቂያ መለጠፍ አይገባም። የቅዳሜው መዘጋት በአዋጁ በትክክል መሸፈኑንም የሕግ ባለሙያ አይቶት ቢያልፍ ይበጃል።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንመለስ። በአመራሩ ስብሰባ ላይ የተነሱት አምስት ናቸው እንበል፡- የቦይለሩ ብክነት፣ የሰርቪሱ ወጪ፣ ቅዳሜ የሚቀር ሠራተኛ መብዛቱ፣ ትልቁ ደንበኛ ቅዳሜ ዕቃ አለመረከቡ፣ ሠራተኛው ሁለት ቀን ቢያርፍ ጥሩ ነው የሚለው ሐሳብ። ሁሉም እውነት ናቸው፤ ማስታወቂያው ላይ መግባት ያለባቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፡- ይህ ምክንያት ነገ ባይኖር ውሳኔው ይቀየር ነበር? ደንበኛው ቅዳሜም እረከባለሁ ቢል ፋብሪካው ቅዳሜን አይከፍትም፤ ስለዚህ ደንበኛው ምክንያት አልነበረም። ቦይለሩ በአሥር ደቂቃ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልታሰበ። ውሳኔውን የወሰነው ቦይለሩ ነው፣ ሰርቪሱም አገዘው።

የቀሪዎቹ ጉዳይ ሌላ ነው። አንዳንዶች ቅዳሜ መቅረታቸው እውነት ቢሆንም፣ ለ140 ሰው በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አንድም ቀን ያልቀረውን ጭምር ይወቅሳል። ለውጡም ቅጣት መስሎ ይታያል። የቀሩትን ለየብቻ ማነጋገር የቅርብ አለቃቸው ሥራ ነው። በስብሰባ ላይ ተጠይቆ ከሆነ ግን መካድ አይገባም፤ ተነጋግረንበታል፣ የወሰንነው ግን በዚያ አይደለም ብሎ መመለስ ይበቃል።

ዕረፍቱን በተመለከተ ብዙ ድርጅቶች ይሳሳታሉ። «ለሠራተኞቻችን ደኅንነት በማሰብ» ብለው ይጀምራሉ። ቅዳሜን ማረፍ ለብዙዎች እሰየው ነው። ማታ ለሚማረው ግን ከ11፡00 ወደ 11፡30 የተገፋው መውጫ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያሳጣዋል፤ ሕፃን ልጅ ያላት እናት ትምህርት ቤቱ በሩን ሳይከፍት ሰርቪስ ልትሳፈር ነው። እነዚህ ሰዎች «ለእናንተ ሲባል» የሚለውን ሲያነቡ አለመታሰባቸውን ይረዳሉ። ስለዚህ ዕረፍቱ የለውጡ ውጤት ሆኖ ይጻፍ እንጂ ምክንያት አይደረግ።

ማብራሪያ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ጥሩ መልስ አለው። ጥናቱ ስለ ሰዓት ሳይሆን ስለ ደመወዝ ነበር። የአንድ ኩባንያ ሁለት ፋብሪካዎች ለአሥር ሳምንት የሠራተኞቻቸውን ክፍያ በ15 በመቶ ቀነሱ። በአንደኛው ኃላፊው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሠራተኛው ጋር ተቀምጦ፣ የገንዘብ እንቅስቃሴውን በሥዕል አሳይቶ፣ ማዘኑን ተናግሮ ጥያቄ መለሰ። በሌላው ስብሰባው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ቆየ፤ የተሰጠው ምክንያትም ጥቂት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት በሁለቱም ፋብሪካዎች የንብረት ስርቆት ጨመረ፤ በደንብ ባልተብራራላቸው ዘንድ ግን ጭማሪው በጣም የበለጠ ነበር። ከዚህ የምወስደው የማብራሪያው መጠን ለውጡ ከሠራተኛው ከሚወስደው ነገር ጋር መመጣጠን እንዳለበት ነው። የምሳ ሰዓት በሩብ ሰዓት ሲገፋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የሰውን ጠዋትና ማታ የሚነካ ለውጥ ግን ወረቀትም፣ ስብሰባም፣ ጥያቄ የሚመልስ ሰውም ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ይዘን የፋብሪካው ማስታወቂያ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፡-

«ከሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ሰዓታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ማታ 11፡30 ይሆናል። የምሳ ሰዓት እንደ ቀድሞው አንድ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሥራ አይኖርም። የሳምንቱ የሥራ ሰዓት 45 እንደሆነ ይቀጥላል፤ ደመወዝም አይቀንስም። ለውጡን ያደረግነው ቦይለሩን ለማሞቅና ማሽኖቹን ለማጠብ በየቀኑ 90 ደቂቃ ስለሚያስፈልግ፣ ቅዳሜ ከአምስቱ ሰዓት የምናመርተው ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ ነው። የቅዳሜው ነዳጅና የሰርቪስ ወጪም ይቀራል። ቅዳሜን መዝጋታችን የተወሰነ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ ግን እስከ ታኅሣሥ 30 ይሞከራል። ልጅ የምታደርሱ፣ ማታ የምትማሩና የዓርብ ጸሎት ያላችሁ እስከ ጥቅምት 20 የቅርብ አለቃችሁን አነጋግሩ።»

ሰዓቱ መጀመሪያ መጣ፣ ደመወዙ ተከተለ፣ ምክንያቱ ሦስተኛ ሆነ፤ ሰው ስለ ራሱ ያለውን ስጋት ሳያስወግድ ስለ ቦይለር አያነብምና። ከሁሉ የምወደው ግን የተዘጋውና ያልተዘጋው ተለይቶ መጻፉን ነው። ያለቀ ነገር ላይ አስተያየት መጠየቅ ሠራተኛውን ማታለል ነው። ሊስተካከል የሚችለውን ያለቀ አስመስሎ መጻፍ ደግሞ ማታ የምትማረዋን ልጅ ሳትናገር ሥራ እንድትለቅ ያደርጋታል። የውጭ አገር ቴክኒሻኖች ካሉ 1፡30 ለእነሱ 7፡30 መሆኑ በራሳቸው ቋንቋ ይጻፍላቸው፤ በዚህ ብቻ የመጀመሪያው ሰኞ የተበላሸበት ቦታ አለ።

የቀረው ማብራሪያ ከወረቀቱ ይልቅ ለቅርብ አለቆች ይሰጥ። ማስታወቂያው ከመለጠፉ አንድ ቀን በፊት ፎርማኖቹ ተሰብስበው የሚመጡባቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይያዙ። ዘጠነኛው ሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው ወይ? የለውም፣ ከቅዳሜ የተዘዋወረ መደበኛ ሰዓት ነው፤ ከ11፡30 በኋላ የሚሠራ ግን የትርፍ ሰዓት ነው። የሳምንት ፈቃድ የሚወስድ ሰው ቅዳሜ ይቆጠርበታል ወይ? የበዓል ቀን ቅዳሜ ቢውልስ? ነፍሰ ጡሮችስ? ፎርማኑ «እኔም እንደ እናንተ ከሰሌዳው ነው ያነበብኩት» ካለ፣ በወረቀቱ ላይ የተደከመበት ሁሉ ዋጋ ያጣል። መልስ የሌለው ጥያቄ ሲገጥመውም ተመዝግቦ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይንገር።

ማብራሪያው መድረሱን በስብሰባው ጸጥታ መለካት አይቻልም፤ ሰው የሚናገረው ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ነው። ከለውጡ በፊት ከየክፍሉ ጥቂት ሰዎችን ጠርቶ ለምን እንደተቀየረ በራሳቸው አነጋገር እንዲያስረዱ መጠየቅ ይሻላል። ቦይለሩን የሚያነሳ ከሌለ፣ ሁሉም «ወጪ ለመቀነስ ነው፣ ቀጥሎ ሰው ይቀንሳሉ» ካሉ ወረቀቱ አልሠራም፤ ኅዳር 1 ሳይደርስ እንደገና ማስረዳት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የመግቢያ ፊርማው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያረፍደው ብዙ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እነዚያው ሰዎች በዚያው ሰርቪስ መስመር የሚያረፍዱ ከሆነ ግን ችግሩ የመኪናው መነሻ ሰዓት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት እሱ ይስተካከል። ታኅሣሥ 30 ሲደርስ ድርጅቱ ሁለተኛ ወረቀት ይለጥፋል፡- ስንት ሰዓት ምርት እንደተገኘ፣ ከሠራተኛው የመጡት ጥያቄዎች ምን እንደነበሩ፣ የትኞቹ ተቀባይነት እንዳገኙ፣ ያልተቀበላቸውም ለምን እንደሆነ።