ዘንጉ ከላይ፣ ማዕከሉ ከታች

ጥቅምት 1968 (እ.ኤ.አ.)፣ የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ። የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ዲክ ፎስበሪ ወደ ዘንጉ እየተጠማዘዘ ሮጠ፤ ከመሬት ሲነሳ ጀርባውን ለዘንጉ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ አለፈ። 2.24 ሜትር ዘሎም ወርቁን ወሰደ። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ዘላዮች በሆዳቸው ወደ ዘንጉ ዞረው ነበር የሚያልፉት። ጀርባን ማስቀደም ምን ይጠቅማል?

መልሱ ያለው የመጠነ ቁስ ማዕከል በሚባለው ነጥብ ላይ ነው። ነጥቡ የአካል ክፍሎች ሁሉ አማካይ ቦታ ሲሆን፣ በአማካዩ ውስጥ ከባዱ ክፍል የበለጠ ድርሻ አለው። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው እምብርት አካባቢ ይገኛል። ነገር ግን የግድ አካል ውስጥ መሆን የለበትም፤ የቀለበት ማዕከል ያለው ጣት በሚገባበት ባዶ ቦታ ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ዘላይ ዘንጉ ላይ እንደ ቀስት ጎብጧል እንበል። ወገቡና ዳሌው፣ 35 ኪሎው፣ ከዘንጉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። በአንድ ወገን ራሱና ትከሻው፣ በሌላው እግሮቹ፣ በድምሩ 35 ኪሎ፣ ከዘንጉ በአማካይ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለዋል። ሁለቱ ግማሾች እኩል ስለሚመዝኑ የ15 ከፍታና የ25 ዝቅታ አማካይ ከዘንጉ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ይውላል። ሰውየው ከዘንጉ በላይ ሲያልፍ ማዕከሉ ከታች ሾልኳል ማለት ነው።

ይህ 5 ሴንቲ ሜትር ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ማዕከሉ የሚደርስበት ከፍታ የሚወሰነው እግር መሬት ሲለቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ማዕከሉ 1.20 ሜትር ላይ ሆኖ በሰከንድ 4.4 ሜትር ወደ ላይ ቢነሳ፣ ከዚያ በኋላ 99 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጨምራል፤ 2.19 ላይ ይቆማል። አየር ላይ ከውጭ የሚስበው የመሬት ስበት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጡንቻ እግርን ወደ ላይ ሲጎትት የቀረውን አካል በዚያው ኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ መወራጨት የማዕከሉን መንገድ በአንዲት ጣት ስፋት እንኳ አይለውጥም። በጎበጠ አካል ግን 2.19 ላይ የቆመ ማዕከል 2.24 ላይ ያለ ዘንግ ያሳልፋል።

ስህተቱም የሚመጣው ከዚሁ ሕግ ነው። ዘላዩ ዳሌው ሳያልፍ እግሩን ቢያነሳ ዳሌው ይወርድና ዘንጉን ይጥላል። ዳሌው ካለፈ በኋላ ግን ያው መውረድ ይጠቅመዋል፦ ዳሌውን ዝቅ ሲያደርግ እግሮቹ ይነሳሉ፣ ተረከዙም ዘንጉን ሳይነካ ያልፋል።