ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ሲቀር

የሞተር ሳይክሉን ማስነሻ ሲጫኑት «ቀጭ» ይላል፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። ብዙ ሰው መብራቱንና ክላክሱን ይሞክርና ሁለቱም ከሠሩ «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ሞተሪኖ ሊያስፈታ ይሄዳል። ነገር ግን የአንዲት አነስተኛ ሞተር ሳይክል የፊት መብራት የሚወስደው ሦስት አምፔር ገደማ ሲሆን፣ ሞተሪኖው የዚያን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። መብራት ያበራ ባትሪ ሞተሪኖ ማዞር ሊያቅተው ይችላል።

ድምፁ የሚወጣው ከሶሌኖይዱ ነው። ከማስነሻው በቀጭን ሽቦ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በውስጡ ያለውን ጥቅል ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱም የመዳብ ሳህን ስቦ ሁለቱን ወፍራም ካቦዎች ያገናኛል። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተደጋገመ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም የካቦ ግንኙነት ላልቷል ማለት ነው። ሞተሪኖው ጉልበቱን ሲስብ ቮልቱ ይወርዳል፤ ማግኔቱም ይለቃል፤ ጫናው ሲነሳ ቮልቱ ተመልሶ እንደገና ይስባል።

አንዴ ብቻ «ቀጭ» ካለ ቴስተር ያስፈልጋል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ማስነሻው ተጭኖ ሳለ ነው። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሳይነካ 12.6 ያሳያል እንበል። ሲጫኑት ከ10 በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪው ቻርጅ ይደረግ፤ ሞልቶም እንዲሁ ከወረደ አርጅቷል። 12.5 ላይ ከቆየ ግን ሞተሪኖው ጨርሶ አልሳበም፤ መንገዱ ከባትሪው ወዲያ ተቋርጧል። በቅድሚያ የባትሪው ጫፎች ላይ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ ጠርጎ ብሎኖቹን ማጥበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ካልተፈታ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በሶሌኖይዱ ወፍራም ብሎኖች ላይ አድርጎ መጫን ነው። ጤነኛ ሶሌኖይድ ሲጫኑት ወደ ዜሮ ይጠጋል። «ቀጭ» እያለ 12.5 ላይ ከቀረ የውስጡ መዳብ ተቃጥሏል፤ መቀየር ያለበት ሶሌኖይዱ ብቻ ነው። ወደ ዜሮ ወርዶ ሞተሪኖው ዝም ካለ የሞተሪኖው ካርቦን ማለቁን ወይም የቦዲ ካቦው መላላቱን ልጠርጥር።

የእግር መርገጫ ያላት ሞተር እስከዚያው መንገድ ላይ አታስቀርም። ማርሹን ነፃ አድርገው ቁልፉን ይክፈቱ፤ መርገጫውን ቀስ ብለው እስኪከብድ ይጫኑት፣ ወደ ላይ ይመልሱትና ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ እስከ ታች ይርገጡ። ሳይከብድ በችኮላ የመታ ሰው ቁርጭምጭሚቱን የሚመልስ ምት ሊያገኘው ይችላል። ሶሌኖይዱ ብቻ ከተበላሸ ያለችግር ትነሳለች። ባትሪው የሞተ ከሆነ ግን በካርቡራተር የምትሠራ አብዛኛውን ጊዜ ስትነሳ፣ ነዳጇን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የምታገኘው ፓምፑ ኃይል ካላገኘ አትነሳም።

ከተነሳች በኋላ ጋዝ ሰጥቶ የባትሪውን ቮልት መለካት ይገባል፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ አዲስ ባትሪ ቢገባም ይደክማል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መንቀል ግን አምፖሎችንና የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ሊያቃጥል ይችላል።