ዝቋላን ከካርታ ላይ ማንበብ

የኮንሶን እርከኖች ያየ ሰው ኮንቱርን መሬት ላይ አይቶታል። የድንጋዩ ካብ የተራራውን ወገብ ይዞ ይዞራል እንጂ ሽቅብም ቁልቁልም አይልም፤ አንዱን ካብ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ቢጓዝም ዳገት አይወጣም፣ ቁልቁለትም አይወርድም። በካርታ ላይ ያሉት ቀጫጭን ቡናማ መስመሮችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከባሕር ጠለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛሉ፤ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሻገር መውጣት ወይም መውረድ ነው።

ስንት ሜትር እንደሚወጣ ወይም እንደሚወረድ ከካርታው ግርጌ ይጻፋል። 1፡50,000 በሆነ ካርታ በመስመሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው እንበል። በዚህ ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በየአምስተኛው የሚመጣው መስመር ደመቅ ብሎ ይሣላል፣ ቁጥርም ይጻፍበታል፤ ስለዚህ ከአንዱ ደማቅ መስመር እስከ ቀጣዩ 100 ሜትር ነው። አሁን ማስመሪያ ይዘን ሁለቱን ደማቅ መስመሮች እንለካ። መካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በ500 ሜትር መንገድ 100 ሜትር ይወጣል፤ 20 በመቶ ተዳፋት ነው፣ በእግር ያለከልካል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ 40 በመቶ ደርሷል፤ ሰው መንገዱን እያጠማዘዘ ካልሆነ በቀጥታ ለመውጣት ይቸገራል። መስመሮቹ ተጠጋግተው ሊነካኩ ከደረሱ ገደል ነው። ተራርቀው ወረቀቱ ባዶ ሲመስል ደግሞ መሬቱ ሜዳ ነው። ባዶው ቦታ የአምባ አናት ይሁን የሸለቆ ወለል ግን ቅርጹ ብቻ አይናገርም፤ በዙሪያው ያሉትን ቁጥሮች ማየት ግድ ነው።

ጀማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ሸለቆንና ሸንተረርን መለየት ነው፤ ሁለቱም በካርታ ላይ ሹል መታጠፊያ ሆነው ይታያሉና። ምክንያቱን ለመረዳት ከፍታውን ሳይለቅ በተራራ ጎን የሚሄድን ሰው እናስብ። ወንዝ ያለበት ሸለቆ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ቁልቁል መውረዱ ነው። ስለዚህ ወንዙን ሽቅብ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ይከተላል፣ እግሩ ካለበት ከፍታ ጋር እኩል የሆነውን መሻገሪያ ሲያገኝ ይሻገራል፣ በማዶው በኩልም ይመለሳል። በሸለቆ ላይ የመታጠፊያው ሹል ጫፍ ወደ ከፍታው የሚያመለክተው ለዚህ ነው። በሸንተረር ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ሰውየው የጋራውን አፍንጫ በውጭ በኩል መዞር ስላለበት ጫፉ ወደ ዝቅታው ያመለክታል። የተጠራጠረ ሰው ሰማያዊ የወንዝ መስመር ይፈልግ፤ ካጣም ሁለት ደማቅ መስመሮች ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያነጻጽር። ቁጥሩን ሳያይ በቅርጹ ብቻ የፈረደ ሰው መንገዱን በሸንተረር አደርጋለሁ ብሎ ሸለቆ ውስጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ለማየት ከቢሾፍቱ በስተደቡብ የሚገኘው ዝቋላ ይስማማል። ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሜዳ ላይ ብቻውን ስለቆመ መስመሮቹ ክብ እየሠሩ ይከቡታል። በሜዳው ላይ የተራራቁት ክቦች ተራራው ጎን ላይ ሲደርሱ ይጠጋጋሉ፤ ውኃ የሸረሸራቸው ቦዮች ባሉበት ሁሉ ክቦቹ ወደ አናቱ ይታጠፋሉ። እስከዚህ ድረስ ወደ መሃል በገባን ቁጥር ከፍ እንላለን። አናቱ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተራራው ጎድጓዳ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥም ሐይቅ አለ። ከጠርዙ ወዲያ ያሉት ክቦች ወደ መሃል ሲገቡ ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ከጠርዙ ውጭ ያየነው ቁጥርም ከጠርዙ ውስጥ እንደገና ይመጣል። አንባቢው እንዳይታለል ካርታ ሠሪዎች ወደ ጉድጓዱ የሚያመለክቱ አጫጭር ጭረቶችን በክቦቹ ላይ ያደርጋሉ። እነዚያን ጭረቶች ያላስተዋለ ሰው ሐይቁን በተራራው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ አድርጎ ሊያስበው ይችላል።

የዝቋላ ከፍታ 2,989 ሜትር ነው። በ20 ሜትር ልዩነት የመጨረሻው መስመር 2,980 ላይ ያበቃል፤ የቀረችውን 9 ሜትር የሚያሳይ መስመር የለም። ስለዚህ ነው ጫፍ ላይ ነጥብ ተደርጎ ቁጥሩ ለብቻው የሚጻፈው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ነገር ኮንቱር አያውቀውም። ይህም ቀላል ጉድለት አይደለም። በትግራይ የደብረ ዳሞ ገዳም በገመድ የሚወጣበት ገደል 15 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ቢወድቅ በኮንቱሩ ላይ ለስላሳ ተዳፋት መስሎ ያልፋል፤ መንገደኛው ግን ያለ ገመድ አይወጣውም። ጥንቁቅ ካርታ ሠሪ እንዲህ ያለውን ቦታ በገደል ምልክት ለይቶ ይሥላል፤ በኮንቱር ብቻ መንገዱን የሚያቅድ ሰውም መጀመሪያ ይህን ምልክት መፈለግ አለበት።