ሕፃን በሌሊት ሲቃዥ

በሮቤና በጎባ የጅብ ድምፅ በሌሊት እስከ ቤት ውስጥ ስለሚሰማ፣ ሕፃናት በሕልማቸው ጅብ ወይም ጭራቅ ቢያዩ አያስደንቅም። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ያሰበውን በዓይኑ ካየው ገና አጥርቶ አይለይምና ይህ የዕድገቱ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። ከፍ ሲል የጭራቁን ቦታ ሌባና የወላጅ ሞት ይወስዱታል።

የአምስት ዓመት ልጅ ሊነጋጋ ሲል «ጅቡ ሊበላኝ ነው» እያለ ቢነቃ፣ እናቲቱ «ዝም በል፣ ጅብ የለም» አትበለው፤ በደጅ ሲጮኽ ሰምቶታልና አያምናትም። አቅፋ «ከዚያስ ምን አደረገ?» ብላ ትስማው። በማግስቱም ልጁ ጅቡን ሥሎ ራሱ የሚያመልጥበትን መጨረሻ ያውጣለት። «ካልተኛህ ለጅብ እሰጥሃለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያ ግን ወላጆች እንዲተዉት አጥብቀን እንመክራለን።

በተኛ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይኑን አፍጥጦ የሚጮኽ፣ እናቱን የማይለይ፣ ሲነጋም ምንም የማያስታውስ ልጅ የያዘው ቅዠት ሳይሆን የሌሊት ድንጋጤ ነው። እርሱን እንዳይጎዳ መጠበቅ እንጂ መቀስቀስ አይገባም።

ቅዠቱ ከወር በላይ ቢመላለስ፣ ከድብደባ ወይም ከሌላ አደጋ በኋላ ቢጀምር፣ ወይም መምህሩ ልጁ ከጨዋታ መራቁን ቢያይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በእንቅልፉ ሰውነቱ ደርቆ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይዘገይ በጎባ ሆስፒታል ይመርመር።