ከውጫሌ እስከ ዓድዋ በአንድ ወረቀት

ለታሪክ ጥናት የሚሠራ የጊዜ መስመር፣ ድርጊቶችን በቅደም ተከተል አስቀምጦ አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣው የሚያሳይ ወረቀት ነው። ከተለመደው ሾርት ኖት የሚለየውም በዚህ ነው። ሾርት ኖት የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መካሄዱን ይነግራል። መስመሩ ግን ውሉ በ1881 ተፈርሞ ጦርነቱ እስከ 1888 የቆየው ለምን እንደሆነ ያስጠይቃል፤ ፈተና ላይ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ዳርና ዳሩን በመወሰን ነው። ለዓድዋ አመቺው መነሻ 1862 ዓ.ም. ነው፤ ሩባቲኖ የተባለው የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት የገዛው በዚያ ዓመት ነው። መድረሻው ደግሞ ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነጻነት ያወቀችበት የአዲስ አበባ ውል፣ ጥቅምት 1889 ነው። በእነዚህ መካከል ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት የበለጠ ድርጊት ባይገባ ይሻላል። የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ከሰፈረ ወረቀቱ መጽሐፉን መልሶ መገልበጥ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪን በብዛት የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠር ነው። መጻሕፍት አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጽፉ፣ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ሲደባለቁ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ሲደመር የአውሮፓው ዓመት ይገኛል። የአምባላጌ ውጊያ የተካሄደው ኅዳር 28፣ ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 በመሆኑ ሁለቱም በ1888 ውስጥ ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን አንዱ በ1895፣ ሌላው በ1896 ይወድቃል። የአዲስ አበባ ውል ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከዓድዋ ጋር በአንድ ዓመት ሲሆን በኢትዮጵያ ግን ወደ 1889 ይሻገራል። ቀኑም ቢሆን ባለበት አይረጋም። ድሉ የተገኘው በአውሮፓ ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ነው። አውሮፓውያን 1900ን ተራ ዓመት አድርገው የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስለዘለሉት ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ መስመሩ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይሠመራል፤ የሌላው ዓመት ካስፈለገ ከሥሩ በእርሳስ ይጻፋል።

መስመሩን ሲያሰምሩ ሌላ ችግር ብቅ ይላል። ከ1862 እስከ 1889 ያለው ዘመን ለአንድ ዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ቢሰጠው በጎኑ የተኛ ኤ4 ወረቀት ላይ በልኩ ይገባል። ነገር ግን ከመስከረም እስከ የካቲት 1888 የሆነው ሁሉ፣ የክተት አዋጁ፣ አምባላጌ፣ የመቀሌ ከበባና ዓድዋ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይታጨቃል። መፍትሔው ከታች ሁለተኛ መስመር አስምሮ ለአንድ ወር 4 ሴንቲ ሜትር መስጠት ነው፤ ስድስቱ ወራት 24 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ። ላይኛው መስመር ምክንያቱን፣ ታችኛው ዘመቻውን ያሳያል። ርቀቱን እንደ ልክ መጠበቁ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ባዶ የቀረው ቦታ ራሱ የሚናገረው አለ።

ይህን ለማየት የውጫሌን ውል መውሰድ ይበቃል። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዓድዋ በቀጥታ ቀስት የሚያሰምር ተማሪ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ይዘልላል። ሰባት ሴንቲ ሜትሩ ባዶ ሆኖ ሲታይ ግን መሙላቱ የግድ ነው። ኢጣሊያ ውሉን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት በ1882 መጀመሪያ አስታወቀች፤ ምኒልክ የትርጉሙን ልዩነት ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በደብዳቤ ሲከራከሩ ቆይተው ውሉን በ1885 ሰረዙት፤ በ1887 የኢጣሊያ ጦር ትግራይ ገባ። አንድ ነገር የተደረገበት ቀንና የታወቀበት ቀን ሲለያዩ ሁለቱም መስመሩ ላይ መግባት አለባቸው፤ ሰው የሚነሣው ባወቀው ነገር ነውና።

ምክንያቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት ስለሌላቸው በቀለም ይለያሉ። ኢጣሊያ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቅኝ ግዛት መሻቷ የቆየ ምክንያት ነው፤ የአንቀጽ 17 ክርክር የመካከለኛ ነው፤ ጦሯ ትግራይ መግባቱ ደግሞ ክብሪቱ ነው። አንድ ቀስት ልክ መሆኑን ለማወቅ ላዩ ላይ ግሥ ይጻፋል፦ “አስገደደ”፣ “አዘገየ”፣ “መንገድ ከፈተ” እየተባለ። የሚስማማ ግሥ ከጠፋ ቀስቱ መሰረዝ አለበት።

ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ የዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከ1880 ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ሕዝቡን ለዓመታት አስራበ። ከዓድዋ በፊት ስለሆነ ብቻ የዓድዋ ምክንያት ነው ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ረሃቡ ጦርነት አላመጣም። ሰሜኑ በረሃብ በተዳከመበት፣ ዐፄ ዮሐንስም መተማ ላይ በሞቱበት ወቅት ግን ኢጣሊያኖች ከምጽዋ ወጥተው በ1881 ክረምት አስመራን ያዙ። ስለዚህ ከክፉ ቀን የሚነሣው ቀስት የሚደርሰው አስመራ ላይ ነው፤ ግሡም “መንገድ ከፈተ” ነው።

ውጤቱም እንደ ምክንያቱ ቅርብና ሩቅ አለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ። በጥቅምት 1889 የውጫሌ ውል ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይና የእንግሊዝ መልእክተኞች አዲስ አበባ መጥተው ተዋዋሉ። ያልተለወጠውንም መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች የሚረሱት ይህን ነው። ኤርትራ በኢጣሊያ እጅ ቀረች፤ የመረብ ወሰንም በ1892 በውል ጸና። ሩቁ ቀስት ነጠብጣብ ሆኖ ከዚህ ይነሣና ከወረቀቱ ጠርዝ ይወጣል፤ መስከረም 22 ቀን 1928 የኢጣሊያ ጦር የተሻገረው ይህንኑ መረብን ነውና። ነጠብጣብ የሚሆነው በመካከሉ በሮም ፋሺስቶች ሥልጣን መያዛቸውን የመሰለ ሌላ ትልቅ ምክንያት ስላለ ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ አይቶ ማንበቡ ብቻ ብዙ አይጠቅምም፤ ሲነበብ ሁሉም የታወቀ ይመስላል። የሚበጀው ቀስቶቹን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኖ ግሦቹን ከራስ መጻፍ ነው። ሌላው መንገድ አንዱን ድርጊት በእጅ ከልሎ ከእሱ በኋላ የሚወድቀውን መቁጠር ነው። አምባላጌ ቢከለል ዘመቻው ይቀጥላል፤ የ1882ቱ ማስታወቂያ ቢከለል ግን የደብዳቤው ክርክርና የውሉ መሰረዝ መነሻ ያጣሉ። ብዙ የሚያፈርሰው ድርጊት ላይ ክብ ይደረግበታል፤ ለፈተና ጊዜ ካጠረም መጀመሪያ የሚጠናው እሱ ነው።